የምዘና ውጤትን በክፍሎች መካከል ማናበብ፦ ከረቂቅ ነጥብ እስከ ፊርማ

የስቶር ኃላፊው ከ7 ሠራተኞቻቸው ለ6ቱ 4፣ ለአንዱ 5 ሰጥተዋል። የጥገና ኃላፊዋ ደግሞ ከ8ቱ 7ቱን 3 ላይ አስቀምጠው አንዱን 2 አድርገውታል። ሁለቱም ቅጹን ሞልተው፣ ፈርመው፣ በቀኑ ለሰው ሀብት ክፍል አስረክበዋል። ዓመታዊ ጭማሪው በነጥብ የሚሰላ ከሆነ የጥገናው ጎበዝ ባለሙያ ከስቶሩ መካከለኛ ሠራተኛ ያነሰ ይዞ ይወጣል። የጎዳው ሥራው አይደለም፤ አለቃው ነጥብ ላይ እጃቸው ጠባብ መሆኑ ነው። የምዘና ማናበቢያ ስብሰባ፣ ብዙዎች ካሊብሬሽን የሚሉት፣ የሚጠራው ይህን ለማረም ነው። ኃላፊዎቹ ረቂቅ ነጥቦቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ተመሳሳይ ሥራ በየትኛውም ክፍል ተመሳሳይ ነጥብ ማግኘቱን ያረጋግጣሉ።

ለምሳሌ የምንይዘው ድሬዳዋ ላይ ያለ አንድ መካከለኛ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካውም ቁጥሮቹም ለማስረዳት ያህል የተበጁ ናቸው። ተመዛኞቹ 42 ሲሆኑ 18ቱ በማምረቻ፣ 9ኙ በሽያጭ፣ 8ቱ በጥገና፣ 7ቱ በስቶር ይሠራሉ። መለኪያው ከ1 እስከ 5 ነው። 3 ማለት የሥራ መደቡ የሚጠይቀውን ያሟላ፣ 4 ከሚጠየቀው በላይ የሠራ፣ 5 ደግሞ ሥራው ከራሱ መደብ አልፎ ለሌሎች ክፍሎችም ለውጥ ያመጣ ማለት ነው።

ከስብሰባው 2 ሳምንት በፊት፦ ረቂቁን መሰብሰብ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ረቂቅ ነጥቦች እስከ ሐምሌ 5 ይግቡ፤ ስብሰባው በሐምሌ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሳምንት ይያዝ። እስከዚያ ድረስ ለማንም ሠራተኛ ነጥቡ አይነገረው። ይህ ደንብ ከሁሉም በፊት የሚጣስ ስለሆነ ለኃላፊዎቹ በጽሑፍ ስጧቸው። አንድ ኃላፊ «4 ሰጥቼሃለሁ» የሚል ቃል ካመለጠው በኋላ ስብሰባ ላይ የሚከራከረው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ቃሉ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ አለቃና ሠራተኛ «አንተ»፣ «አንቺ» ተባብለው ስለሚኖሩ ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ «ስንት ሰጠኸኝ?» ብሎ መጠየቁ ነውር የለውም። መልሱ አስቀድሞ ይዘጋጅ፦ «ገና ረቂቅ ነው፤ ሐምሌ 20 ቁጭ ብለን እናየዋለን።»

ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር ማስረጃ ይቅረብ። ለ3 አንድ መስመር ይበቃል። ለ1፣ 2፣ 4 እና 5 ሁለት መስመር ያስፈልጋል፤ አንደኛው ምን እንደተሠራ ወይም እንዳልተሠራ፣ ሁለተኛው ይህ በምን እንደሚታወቅ ይናገራል። «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከሁሉም ጋር ተግባቢ» የሚል ጽሑፍ ማስረጃ ስላልሆነ ለኃላፊው ይመለስ። ማስረጃ ሲመለስ ቅር የሚላቸው ኃላፊዎች ይኖራሉ፤ ቢሆንም ስብሰባ ላይ በሌሎች ፊት ከሚጋለጡ አስቀድመው ቢያስተካክሉት ይሻላቸዋል።

እዚህ ላይ በአካባቢያችን በደንብ መታየት ያለበት ነገር አለ። ቅጹ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው፤ ኃላፊዎቹ ግን አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ሊሆን ይችላል። የሽያጭ ኃላፊ ለአንድ ሰው ግማሽ ገጽ ይጽፋል፣ የማምረቻ ፈረቃ መሪው ግን ለተሻለ ሠራተኛ «ጥሩ ነው፣ ማሽን ያውቃል» ብሎ ያልፋል። ወረቀቱን ብቻ ያነበበ ሰው የመጀመሪያውን ሠራተኛ ያከብራል፤ የተመዘነው ግን የአለቃው ብዕር ነው። ስለዚህ የሰው ሀብት ባለሙያው እያንዳንዱን አጭር ጸሐፊ ከስብሰባው በፊት 15 ደቂቃ በሚቀልለው ቋንቋ ያነጋግረው፤ የሰማውንም በሁለት መስመር ይጻፍለት። ይህ ካልተደረገ ስብሰባው ነጥብ ያናበበ መስሎት የቋንቋ ችሎታ ያናብባል።

አንድ ሠንጠረዥ ማዘጋጀትና ማንበብ

የ42ቱንም ሰዎች ነጥብ አንድ የኤክሴል ገጽ ላይ አስገቡ፦ በኤ ዓምድ ስም፣ በቢ ክፍል፣ በሲ የሥራ መደብ፣ በዲ በዓመቱ ውስጥ በሥራ ላይ የነበረባቸው ወራት፣ በኢ ረቂቅ ነጥብ። የደመወዝ ዓምድ አይኑር፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል። ከዚያ የእያንዳንዱን ክፍል አማካይና በየነጥቡ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። ለጥገና ክፍል እንዲህ ይሰላል፦

```
=AVERAGEIFS($E:$E,$B:$B,"ጥገና")
=COUNTIFS($B:$B,"ጥገና",$E:$E,3)
```

በምሳሌያችን ስቶር 4.1፣ ሽያጭ 3.6፣ ማምረቻ 3.3፣ ጥገና 2.9 ይወጣል። በዚህ ጊዜ «ስቶር ለጋስ ነው፣ ጥገና ጨካኝ ነው» ብሎ መፍረድ የተለመደ ስህተት ነው። አማካይ ጥያቄ ያስነሳል እንጂ መልስ አይሰጥም፤ አንድ ክፍል እውነትም ከሌላው የተሻለ ዓመት አሳልፎ ሊሆን ይችላል። ከአማካዩ ይልቅ የሚናገረው የነጥቡ ስርጭት ነው። ስቶር ውስጥ ከ7 ሰው 6ቱ አንድ ነጥብ ላይ ናቸው፤ ጥገና ውስጥም ከ8 ሰው 7ቱ እንዲሁ። የተለያየ ልምድና ኃላፊነት ያላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ሲቆሙ ኃላፊው ሰዎቹን እንዳልለያየ መጠርጠር ይቻላል። አንዱ ማንንም ላለማስቀየም 4 ላይ ደርድሯል፣ ሌላዋ «ሥራው ነው፣ ለዚህ ነው የሚከፈለው» ብለው 3 ላይ አቁመዋል።

«ከየክፍሉ 10 በመቶ ብቻ 5 ያግኝ» የሚል ኮታ ለዚህ መድኃኒት የሚመስላቸው አሉ። 7 ሰው ባለው ክፍል 10 በመቶ አንድ ሰው እንኳን አይሞላም። በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ስለ ስርጭት ማውራት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ በ7 እና በ8 ሰው ክፍል ግን ኮታ የሚያመጣው ተራ መግባት ነው። ዘንድሮ አበበ፣ ከርሞ ፋጡማ፣ ከዚያ ቶሎሳ።

ለውይይት የሚቀርቡትን መምረጥ

42ቱንም አንድ በአንድ ማየት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። በምሳሌያችን 14 ሰዎች ይመረጣሉ፦ 5 ያገኙት 3 ሰዎች (ከሽያጭ 2፣ ከስቶር 1)፣ 2 ያገኙት 3 ሰዎች (ከማምረቻ 2፣ ከጥገና 1)፣ ከስቶር 4ቶች 3 ሰው፣ ከጥገና 3ቶች 3 ሰው፣ እንዲሁም ዓመቱ የተቆራረጠባቸው 2 ሰዎች።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ለምሳሌ አንዲት የማሸጊያ ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ወስዳለች፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ይህ 120 ቀን ነው። ዓመታዊ ዕቅዷ በ12 ወር ተሠልቶ ውጤቷ የ8 ወር ከሆነ ወረቀቱ ላይ ደካማ ትመስላለች። መመዘን ያለባት በሥራ ላይ በነበረችባቸው ወራት ነው፤ ዕቅዱም በዚያው ልክ ይቀነስ። በዓመቱ መሃል ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወረ ሰው ካለ የቀድሞ አለቃው ማስረጃም ይጠየቅ።

ስብሰባው፦ ሰዓት፣ ሰው፣ አቀማመጥ

ጠዋት 2፡30 ጀምሩ። ከቀትር በኋላ የድሬ ሙቀት ባለበት፣ ከፊሉ ሰው ልቡ በርጫ ላይ እያለ፣ በሰው ደመወዝ ላይ መወሰን ተገቢ አይደለም። መብራት ቢጠፋ ስብሰባው እንዳይቋረጥ ሠንጠረዡን በወረቀት አባዙ፤ ሲያበቃም መልሳችሁ ሰብስቡ።

የሚገቡት 4ቱ ኃላፊዎች፣ የሁሉም አለቃ የሆኑት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ስብሰባውን የሚመራው የሰው ሀብት ባለሙያና አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ቀድመው «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» ካሉ የሚቃወም ስለማይኖር ውይይቱ እዚያው ያልቃል። ይህን ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው ንገሯቸው፤ በሰው ፊት ማረም ከባድ ነው።

የጊዜ ድልድሉ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ መለኪያውን ለማስማማት ይውላል። ለ14ቱ ሰዎች 8 ደቂቃ ሲሰጥ 112 ደቂቃ ይሆናል፤ መሃል ላይ 10 ደቂቃ ሻይ። ጠቅላላው 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ስለሚሆን 5 ሰዓት ሳይሞላ ይበተናል። ቅደም ተከተሉ በክፍል አይሁን። ስቶር መጨረሻ ላይ ከወደቀ ሰው ደክሞት «እንዳለ ይለፍ» ይባላል። በተቀራራቢ የሥራ ደረጃ ያሉትን ከተለያየ ክፍል አምጥታችሁ ተከታትለው እንዲታዩ አድርጉ።

መለኪያውን የምታስማሙት በሰው ነው፤ መግለጫውን ማንበብ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይስማማል። ከ14ቱ ውጭ ሁሉም የሚያውቋቸውን ሁለት ሰዎች ምረጡ፤ አንዱ ያለ ክርክር 3፣ ሌላው ያለ ክርክር 4 የሚገባው ይሁን። ባለ 4 ነጥቡ ሰው ምን ስለሠራ ከባለ 3ቱ እንደበለጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ጋር ይነጻጸራል።

አንድ ጥንድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

በአንድ የሥራ ደረጃ ላይ ያሉ የስቶር ሠራተኛ (4) እና የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን (3) ቀረቡ እንበል። አለቃው 2 ደቂቃ ያስረዳል፣ ሌሎቹ 4 ደቂቃ ይጠይቃሉ፣ በቀረው 2 ደቂቃ ይወሰናል።

የስቶር ኃላፊው እንዲህ ይላሉ፦ «የወር ቆጠራውን አንድም ጊዜ አላሳለፈም። ቢን ካርዱ ላይ የተመዘገበውና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ይገጥማል።» መሪው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ ሰው መደቡ ከሚጠይቀው በላይ የሠራው የትኛው ነው?» ቆጠራን በጊዜ ማድረግና ካርድን ማስገጠም የሥራ መደቡ ዝርዝር ላይ የተጻፈ ተግባር ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ትክክለኛ ስሙም 3 ነው። ኃላፊው ሌላ ማስረጃ ካላቸው ያቅርቡ፤ ከሌላቸው ነጥቡ 3 ይሆናል።

የጥገና ኃላፊዋ ደግሞ በአጭሩ «የተባለውን ይሠራል» ይላሉ። ዝም ያለውን የማምረቻ ኃላፊ መጠየቅ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ የጥገናን ሥራ የሚቀምሰው እሱ ነውና። «የማሸጊያው ኮምፕረሰር በየጊዜው እየሞቀ ይቆም ነበር፤ ከየካቲት ወዲህ ቀንሷል» ይላል። መዝገቡ ሲገለጥ ቴክኒሻኑ የአየር ማጣሪያውና የማቀዝቀዣው ክንፍ በአቧራ እንደሚደፈን አውቆ በየሳምንቱ የሚጸዳበት ፕሮግራም አውጥቷል፤ የሌሊት ፈረቃ ሁለት ሰዎችንም አሠልጥኗል።

ጥሩ ስብሰባ በዚህ ብቻ አይረካም፤ መቆሙ የቀነሰው በእሱ ሥራ ነው ወይስ በአየሩ? ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማሽኑ በራሱም ብዙ አይሞቅም። ስለዚህ ከጥቂት ወራት በፊት ካለው ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር አነጻጽሩ። አምና በሚያዝያና በግንቦት 13 ጊዜ ቆሟል፣ ዘንድሮ በእነዚሁ ሁለት ሞቃት ወራት 4 ጊዜ። የምርት መጠኑ ካልቀነሰና አዲስ ኮምፕረሰር ካልተገዛ ለውጡ የሰውየው ነው። ሰሌዳው ላይ ካለው ምሳሌ ጋር ሲተያይ 4 ይገባዋል። ቃለ ጉባኤው ላይ የሚጻፈው «ተወያይተን 4 ሆነ» አይደለም፤ «ከ3 ወደ 4፦ የኮምፕረሰር መቆም በሚያዝያና ግንቦት ከ13 ወደ 4፣ የፈረቃ መዝገብ» ነው።

አሁን ወደ ስቶር እንመለስ። ከተወያየንባቸው 3 ሰዎች ሁለቱ ወደ 3 ከወረዱ ያልታዩት ሦስቱ 4ቶች ምን ይሁኑ? በስብሰባው ላይ በጅምላ አታውርዷቸው። ኃላፊው በዚያው መለኪያ እንደገና አይተው በማግሥቱ ማስረጃቸውን ይዘው ይምጡ። በጅምላ ማውረድ በጅምላ ከመስጠት አይሻልም።

የሽያጭ 5

በዋጋ ንረት ዘመን የሽያጭ ነጥብ ለብቻው ይታይ። አንድ ሻጭ የብር ዕቅዱን 118 በመቶ ፈጽሟል፤ አለቃው 5 ሰጥቷል። ዕቅዱ የወጣው ግን ዋጋ ሳይጨመር ነው። ዋጋው ወዲያው በ20 በመቶ ከጨመረና ዓመቱን በዚያው ከቆየ 118ን ለ120 ስናካፍል ወደ 98 በመቶ ይመጣል፤ በካርቶን ሲቆጠር ከዕቅዱ ትንሽ ጎድሏል ማለት ነው። ይህ 3 ነው። ዋጋ በዓመቱ መሃል ከተጨመረ ደግሞ በወር በወሩ የካርቶን ብዛት ቁጠሩ። የሽያጭ ኃላፊዎች በዚህ ይናደዳሉ፤ ጥፋቱ የሻጩ ባለመሆኑ ንዴታቸው አይፈረድባቸውም። ሐረርና ጅግጅጋ መስመር ላይ የሚሠራና እዚሁ ድሬ መጋላ ውስጥ በእግሩ የሚዞር ሻጭም በአንድ የብር ቁጥር አይለኩም፤ ከራሳቸው መስመር የአምና ካርቶን ጋር ይለኩ።

ስብሰባው ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል

አንደኛው ምልክት ንግድ ነው። «ያንተን ካወረድክ የኔንም አወርዳለሁ» የሚል ቃል ከተሰማ፣ ወይም አንድ ኃላፊ ያለ ምንም ማስረጃ ዝም ብሎ ከተስማማ፣ መሪው ውይይቱን አቁሞ ወደ ሰሌዳው ምሳሌ ይመልስ። ሌላው ምልክት ከሥራ ወደ ጠባይ መሸሽ ነው። «አኩራፊ ነው» የተባለ ሰው ኩርፊያው ሥራ ላይ ያመጣው ጉዳት ካልተጠቀሰ ነጥቡ አይነካም።

ከሁሉም የከፋው ስለ ገንዘብ ማውራት ነው። ደመወዝ ሠንጠረዡ ላይ ካለ ወይም «ለጭማሪ የተያዘው በጀት ይህን ያህል ነው» ከተባለ ሰዎች ነጥቡን ከበጀቱ ጋር ማስማማት ይጀምራሉ። በጀት ካነሰ መቀነስ ያለበት ለ3 እና ለ4 የሚሰጠው የጭማሪ መቶኛ ነው። 4 የሚገባውን ሰው ገንዘብ ስለጠፋ 3 ማድረግ ፋይሉ ላይ የሐሰት መረጃ መተው ነው፤ ያ ፋይል ከዓመታት በኋላ ሊነሳ ይችላል። በዚያው አዋጅ መሠረት ድርጅት ሠራተኛ መቀነስ ግድ ሲሆንበት በሥራ ላይ የመቆየት ቅድሚያ የሚሰጠው የሥራ ችሎታና ከፍተኛ የምርት ውጤት ላላቸው ነው፤ ያን ጊዜ ጠበቃም ዳኛም የሚያገላብጠው ይህን ወረቀት ነው።

ካልተስማማችሁስ? ድምፅ አትስጡ። የራሱን ሠራተኛ ሥራ የሚያውቀው የቅርብ አለቃው ስለሆነ ነጥቡ በእሱ ስም ይቆያል፤ በ2 ቀን ውስጥ ተጨማሪ ማስረጃ ያመጣል፤ ከዚያም ሥራ አስኪያጁ ወስነው ምክንያቱን ይጽፋሉ።

ከስብሰባው በኋላ

የተስተካከለው ነጥብ በዕለቱ ይዘጋ፤ ለሠራተኞቹ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይነገር። ከዚህ ከዘገየ በርጫ ላይ ተሰምቶ፣ ተጨማምሮበት፣ ከአለቃው ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል።

አለቃው ሲነግረው «እኔ 4 ሰጥቼህ ነበር፣ ኮሚቴው ቀነሰብህ» ማለት የለበትም። ይህ ለአንድ ቀን ያስወድደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሠራተኛው አለቃው በነጥቡ ላይ ሥልጣን እንደሌለው ያውቃል። የሚባለው እንዲህ ነው፦ «ቆጠራህና ካርድህ ንጹሕ ነው፣ መደቡ የሚጠይቀውን አሟልተሃል፤ ነጥብህ 3 ነው። 4 ለመድረስ ለምሳሌ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረበ ጥሬ ዕቃዎችን አስቀድሞ የሚያሳውቅ ዝርዝር ብታወጣ በከርሞው ይታያል።» የሌላ ሰው ነጥብ ለማነጻጸሪያ አይጠቀስ። ሠራተኛው ቅር ካለው ቅጹ ላይ ሐሳቡን ጽፎ ይፈርም፤ ቅሬታውን ለማን በስንት ቀን እንደሚያቀርብም ይነገረው።

ከዚያ የሰው ሀብት ክፍሉ ሠንጠረዡን እንደገና ያንብብ። ከ42 ነጥብ አንድም ካልተለወጠ ስብሰባው ሥነ ሥርዓት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። 20 ከተለወጡ ደግሞ ችግሩ ረቂቁ ላይ ነው፤ ኃላፊዎቹ መለኪያውን ሳያውቁት ነው የሞሉት። ለውጦቹን በጾታ፣ በቀንና በሌሊት ፈረቃ፣ በአለቃው ከፍላችሁም እዩ። የወረዱት ሁሉ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ከሆኑ ምክንያቱ ስብሰባው ላይ ሥራቸውን ያየ ሰው አለመኖሩ ሊሆን ስለሚችል በሚቀጥለው ዙር የሌሊት ፈረቃ መሪውም ይግባ። ቅሬታዎቹ በአብዛኛው በ3 እና በ4 መካከል ከተከማቹ የ4ን መግለጫ ከጥር በፊት፣ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ዓረፍተ ነገር ተክታችሁ እንደገና ጻፉት።